ከአገር ወጥተው ሥራ ሲለቁ ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው ከአገር የሚወጣው በዓመት ፈቃድ ነው። ቪዛው ሲመታ ቅጹን ይሞላል፣ አለቃው ይፈርምለታል፣ ከዚያ ደርሶ እግሩ ሲደላደል «አልመለስም» ይላል። ለአምስትና ለስድስት ዓመት የተጠራቀመውን ፈቃድ የሚያስታውሰው ወራት ካለፉ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ ጊዜ አልፎበት ሊሆን ይችላል፤ ባያልፍበትም አወጣጡ ራሱ በልቶት ሊሆን ይችላል።

እዚህ የምናወራው በግል ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበረ ሰው ነው፤ የሚገዛውም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግና የራሱ አቆጣጠር አለው። በመኖሪያ ቤት የተቀጠሩ ሞግዚት፣ ምግብ አብሳይና ዘበኛም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ስለዚህ ውጭ ሆነው የእናትዎን ቤት የሚጠብቅ ዘበኛ ከቀጠሩ፣ ከዚህ በታች ያለውን ስሌት በቀጥታ አይውሰዱት።

ፈቃዱ እንዴት ይጠራቀማል?

ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይታከላል። በዚህ መሠረት አንደኛውና ሁለተኛው ዓመት 16፣ ሦስተኛውና አራተኛው 17፣ አምስተኛውና ስድስተኛው 18 ይሆናሉ። በቀድሞው አዋጅ መነሻው 14 ቀን ነበር፤ በየዓመቱም አንድ ቀን ይጨምር ነበር። አንዳንድ መሥሪያ ቤት እስካሁን በዚያ የሚቆጥረው ከልማድ የተነሳ ነው። ይህ ሁሉ ዝቅተኛው መጠን ስለሆነ የኅብረት ስምምነትዎ ወይም የቅጥር ውልዎ የበለጠ ከሰጠዎት የሚሠራው የበለጠው ነው።

«የሥራ ቀን» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። እሑድና የሕዝብ በዓል አይቆጠሩም። በፈቃድዎ መካከል ፋሲካ ቢውል ያ ቀን ከፈቃድዎ አይቀነስም። የድሮ ፈቃድዎን ሲያጣሩ ድርጅቱ የቆጠረው ከወጡበት እስከተመለሱበት በተከታታይ መሆኑን ካዩ፣ የተበላ ቀን አለ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ዓመት ካገለገሉ በኋላ ነው። ዓመት ሳይሞላዎት ከለቀቁ ደግሞ ባገለገሉት ልክ ተመጣጣኝ ይታሰብልዎታል፤ ለዚህ ሂሳብ 26 የሥራ ቀን እንደ አንድ ወር ይቆጠራል። «ዓመት ስላልሞላህ የለህም» የሚለው የቢሮ መልስ ልክ አይደለም።

ወደ ሌላ ዓመት ይተላለፋል?

ይተላለፋል፣ ግን ወሰን አለው። እርስዎ ጠይቀው አሠሪው ሲስማማ፣ ወይም አሠሪው ራሱ በሥራው ጠባይ ምክንያት ሲያዛውረው ይተላለፋል፤ በሁለቱም መንገድ ከሁለት ዓመት በላይ ማስተላለፍ አይቻልም። ክርክሩ የሚነሳው ከዚያ በላይ በቆየው ቀን ላይ ነው። አሠሪው «ጊዜው አልፏል» ይላል፣ ሠራተኛው «ጠይቄ ከልክለውኝ ነው» ይላል። የሚያዋጣው ወረቀት ነው፦ ፈቃድ የጠየቁበት ቅጽ፣ «በሥራ ብዛት ምክንያት ተላልፏል» የሚል ደብዳቤ፣ ቢያንስ የኢሜይል ምልልስ። በቃል የተባለ «ቆይ፣ በዓሉ ይለፍ» ከአዲስ አበባ ሲወጡ አብሮ ይጠፋል።

ሥራ ላይ እያሉ ፈቃዱን በገንዘብ መሸጥ አይቻልም፤ ፈቃዱን የሚያስቀር ስምምነትም ዋጋ የለውም። ወደ ብር የሚለወጠው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ነው። መልቀቂያው ላይ ያለው ወግ ሁሉ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ስሌቱ በምሳሌ

አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ መስከረም 1 ቀን 2012 ተቀጥራ እስከ ጥር 30 ቀን 2017 ሠራች እንበል። መሠረታዊ ደመወዟ 20,800 ብር ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ትሠራለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ፈቃድ ወስዳ ጨርሳለች። ከአራተኛው ዓመት 17 ቀን 10 ወስዳ 7 ቀርቷታል፤ ከአምስተኛው ዓመት 18 ቀን 6 ወስዳ 12 ቀርቷታል። ለስድስተኛው ዓመት የሠራችው አምስት ወር ስለሆነ የ18 ቀን አምስት አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም 7 ቀን ተኩል ይሆናል። በድምሩ 26 ቀን ተኩል። የአራተኛው ዓመት ፈቃድ የተገኘው በ2015 መጨረሻ ስለሆነ የሁለት ዓመቱን ወሰን አላለፈም።

ደመወዙን በ26 የሥራ ቀን ሲያካፍሉት ቀኑ 800 ብር ይወጣል፤ 26 ቀን ተኩል 21,200 ብር ነው። ሰነዱን ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚታየው ይህ አካፋይ ነው። በ30 ተካፍሎ ከመጣ ቀኑ ወደ 693 ብር ይወርዳል። ፈቃዱን በሥራ ቀን ቆጥሮ ደመወዙን እሑድን ጨምሮ ማካፈል ሁለት ዓይነት መለኪያ መጠቀም ነውና ማብራሪያ ይጠይቁ። «ተኩሏን እንተዋት» ከተባለም 400 ብር መሆኗን አይርሱ። ሂሳቡ የሚሠራው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ ደመወዛቸው ትንሽ፣ የትራንስፖርትና መሰል አበላቸው ብዙ የነበረ ሰዎች በዚህ ይደነግጣሉ። ከዚህም ላይ የሥራ ግብር ይቆረጣል።

አሁን ያችው ሴት በጥር ወር ያለ ማስጠንቀቂያ ቀረች እንበል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ካልሰጠ አሠሪው ከ30 ቀን ደመወዝ ያልበለጠ ካሳ መጠየቅ ይችላል፤ የሚወሰደውም ከቀሪው ክፍያ ላይ ነው። 21,200 ሲቀነስ 20,800፣ የሚተርፋት 400 ብር ነው፤ ግብሩ ሲታሰብ እሱም የለም። የፈቃድ መብቷ ስለቀረች አልጠፋም፤ የበላው ማስጠንቀቂያ አለመስጠቷ ነው። በሌላ አነጋገር አንድ ገጽ ደብዳቤ የ26 ቀን ፈቃድ ዋጋ አለው።

ማስጠንቀቂያው እንዴት ይድረስ?

በጽሑፍ ሆኖ ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ እጅ በእጅ ይሰጣል፣ ወይም ቢሮው ይደርሳል። ኢሜይል ብቻ መላክ «አልደረሰንም» ለሚል ሰው በር ይከፍታል። ጥሩው መንገድ ከመብረር በፊት ማስገባት ነው። ውጭ ሆነው ከሆነ ፈርመው ይላኩትና ወንድም ወይም እህት በሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በአንደኛው ቅጂ ላይ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ይመታላቸው። የሚለቁበትን ቀን ሲጽፉ 30ውን ቀን ደብዳቤው ከገባበት ቀን ይቁጠሩ እንጂ ከጻፉበት አይቁጠሩ። ማስጠንቀቂያው የሚሮጠው በፈቃድዎ ውስጥ እንዲሆን ከፈለጉ ድርጅቱ መስማማቱን በጽሑፍ ያግኙ፤ በዝምታ ላይ አይተማመኑ።

ደብዳቤው ላይ መልቀቅዎን ብቻ አይጻፉ። ያልተወሰደው ፈቃድ በየዓመቱ ተዘርዝሮ እንዲከፈልዎና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጥዎ በዚያው ይጠይቁ። ከመውጣትዎ በፊት የፈቃድ ካርድዎን ወይም የሰው ኃይል ክፍሉ የሚያሳየውን ቀሪ በስልክ ፎቶ ማንሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የድርጅቱ ኢሜይል ከተዘጋብዎ በኋላ ያን ማስረጃ ማግኘት ግን ልመና ነው።

ክሊራንስ፣ ውክልና እና ስድስቱ ወር

ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። ነገር ግን ንብረት ሳይመልሱ ወይም ሂሳብ ሳያወራርዱ በራስዎ ጥፋት ከዘገየ ጊዜው ይራዘማል። በተግባር ክሊራንስ የሚቆመው ላፕቶፕ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ስለተሻገረ፣ ወይም የመሳቢያ ቁልፍና የመታወቂያ ካርድ ከባለቤቱ ጋር ስለቀረ ነው። እነዚህን ለቤተሰብ ትተው ይውጡ፤ ሲመለሱም በዝርዝር ደረሰኝ ይሁን።

የሚፈርምልዎት ሰው ውክልና ያስፈልገዋል። አገር ውስጥ ሳሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መስጠት ከሁሉ ይቀልላል። ከወጡ በኋላ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያሠሩታል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። ጽሑፉ «ጉዳዬን ሁሉ እንዲያስፈጽም» ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ ክፍያ መቀበል፣ ክሊራንስ መፈረም፣ መክሰስና መታረቅ በስማቸው ይጻፉ፤ ክስና እርቅ በተለይ ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ።

ወኪልዎን አንድ ነገር ያስጠንቅቁ። አንዳንድ ድርጅት ቼኩን ከመስጠቱ በፊት «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ያስፈርማል። የቀኑ ብዛት፣ አካፋዩና ግብሩ ተዘርዝሮ እርስዎ ፎቶውን ሳያዩ እንዳይፈርም። ባልተስማሙበት መጠንም ቢሆን አሠሪው ያመነበትን ያህል በጊዜው መክፈል አለበት፤ ስለዚህ ያንን ተቀብሎ «በቀሪው ላይ መብቴ እንደተጠበቀ» ብሎ መፈረም ይቻላል።

ከውሉ መቋረጥ ለሚመነጭ ክፍያ ክስ የሚቀርበው ውሉ ከተቋረጠ በ6 ወር ውስጥ ነው። ዳያስፖራው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ውክልናው ሦስት ወር ይፈጃል፣ ድርጅቱ «በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ ሁለት ወር ይወስዳል። በስልክ የተሰጠ ተስፋ ቆጠራውን አያቆምም። የሚያቋርጠው ለሥራና ክህሎት ቢሮ የቀረበ የጽሑፍ አቤቱታ፣ ለፍርድ ቤት የቀረበ ክስ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን አምኖ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ስለዚህ አራተኛው ወር ላይ ገንዘቡ ካልገባ ወኪልዎ አቤቱታውን ያስገባ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ወጪው ጠበቃ ከያዙ የጠበቃው ነው። የ20,000 ብር ጉዳይ ሙሉ ጠበቃ ላያዋጣ ስለሚችል፣ የመክሰስ ውክልናውን ለቅርብ ዘመድ ሰጥተው የክስ ማመልከቻውን ብቻ በባለሙያ ማስጻፍ ይሻላል።