ካሩሰል ስትሠሩ ከመጨረሻዋ ስላይድ ጀምሩ

ትምህርታዊ ካሩሰል የምትለጥፉ፣ ዲዛይኑን ከመንካታችሁ በፊት የምንጮቹን ስላይድ ሙሉ። ምንጭ ያልተገኘለት ዐረፍተ ነገር ያኔውኑ ይወጣል፤ በቀለም ካሸበረቀ በኋላ ግን መሰረዙ ያሳሳል።

«በቀን 8 ብርጭቆ ውሃ መጠጣት ግዴታ ነው» የሚለውን እንውሰድ። ስትፈልጉት አንዱ ገጽ ሌላውን እየጠቀሰ ያዞራችኋል። ብዙ ጊዜ መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው የአሜሪካ የምግብና ሥነ ምግብ ቦርድ በ1945 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 2.5 ሊትር ገደማ ውሃ ይላል። የሚዘለለው ግን ተከትሎ የመጣው ሐሳብ ነው፦ አብዛኛው ከምንበላው ምግብ ይገኛል። ስለዚህ ቁጥሩን ስታገኙ እዚያው አትቁሙ፣ ከላይና ከታች ያለውንም አንብቡ። «ግዴታ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይወድቃል።

መዝጊያው ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «ስላይድ 3፦ የአሜሪካ የምግብና ሥነ ምግብ ቦርድ፣ Recommended Dietary Allowances፣ 1945»። የስላይድ ቁጥሩ ካልተጻፈ የትኛው ምንጭ የየትኛው አባባል እንደሆነ አይታወቅም። ምስል ላይ የተጻፈ ሊንክ ስለማይከፈት፣ አንባቢ ፈልጎ የሚያገኘውን ሙሉ ርዕስ አስቀምጡ። «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ማለት ደግሞ ምንም አለመጻፍ ነው። የሰው ፎቶ ወይም ሥዕል ከተጠቀማችሁ የባለቤቱም ስም እዚያው ይግባ።