የጥምቀት ትምህርት ስናስተምር የምንሳሳታቸው ነገሮች

አዳዲስ አማኞችን ለጥምቀትና ለአባልነት ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ሆነዋል። ደጋግሜ ካየኋቸው ስህተቶች አንዱ በጣም ያሳዝነኛል፤ እሱ ላይ ረዘም እላለሁ። የምጽፈው ሰው መጀመሪያ ያምናል፣ ከዚያ ይጠመቃል ብለው በሚያስተምሩ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ላሉ አስተማሪዎች ነው።

ትርጉሙን በቃል አስይዞ ማለፍ

«ጥምቀት ከክርስቶስ ጋር በሞቱና በትንሣኤው መተባበራችንን የምንመሰክርበት ሥርዓት ነው።» ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው። አዲስ አማኝ ግን በቃሉ ይይዘዋል እንጂ አይገባውም።

እኔም እንደዚህ አስተምር ነበር። አንዲት እህት ሁሉንም ትምህርት አንድም ቀን ሳትቀር ጨረሰች። ስጠይቃት ይህንኑ ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሳታጎድል መለሰችልኝ። ልትጠመቅ ሁለት ቀን ሲቀራት መጣችና «ከተጠመቅሁ በኋላ ኃጢአት ብሠራስ? ድጋሚ መጠመቅ ይቻላል?» አለችኝ። ለካ ውሃው ኃጢአቷን የሚያጥብላት መስሏታል። ያንን አንድ ዕድል እንዳታበላሸው ፈርታ ሰንብታለች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። መልሷን ሰማሁ እንጂ ምን እንደገባት አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን የምጀምረው ከሐዋርያት ሥራ 18፥8 ነው። የቆሮንቶስ ሰዎች ሰሙ፣ አመኑ፣ ተጠመቁ። ሦስቱን ቃላት ሰሌዳ ላይ እጽፍና «ኃጢአታቸው ይቅር የተባለው የትኛው ላይ ነው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ሦስተኛው ላይ ይጠቁማሉ። አላርማቸውም። በመስቀል ላይ የነበረውን ወንበዴ አብረን እናነባለን፤ ሉቃስ 23 ላይ ነው። ሳይጠመቅ ሞተ፤ ኢየሱስ ግን «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» አለው። ጣታቸው ራሱ ወደ ሁለተኛው ቃል ይመለሳል።

ወዲያው «ታዲያ ለምን እጠመቃለሁ?» የሚል ይመጣል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አትደንግጡ። ኢየሱስ አዟልና ነው (ማቴዎስ 28፥19)። ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ሮሜ 6 በቀብር ያስረዳል። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ቃሉ መንከር፣ ማጥለቅ ማለት ነው። ውሃ ውስጥ ስትገባ ተቀበርክ፣ ስትወጣ ተነሣህ። ቀብር ማንንም አይገድልም። የሚቀበረው የሞተ ሰው ነው። ጥምቀትም እንደዚሁ በእምነት የሆነውን ነገር በሰው ፊት ያሳያል። በዚህ ምሳሌ የማይገባው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሐዋርያት ሥራ 2፥38ን ደግሞ አትዝለሉ። «ለኃጢአት ስርየት ተጠመቁ» የሚለውን አንድ ቀን ራሳቸው ያገኙታል፤ ያኔ የደበቃችኋቸው ይመስላቸዋል። እናንተው አንብቡላቸው። ቀጥላችሁ ምዕራፍ 10ን ክፈቱ። በቆርኔሌዎስ ቤት መንፈስ ቅዱስ የወረደው ሰዎቹ ውሃ ሳይነኩ ነው። ጴጥሮስ እንዲጠመቁ ያዘዘው ከዚያ በኋላ ነው።

መጨረሻ ላይ «ጥምቀት ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ዛሬ ማታ ሳትጠመቅ ብትሞት ምን ትሆናለህ? ለምን?» በሉ። የገባውና ያልገባው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ሥላሴን በውሃ፣ በበረዶና በእንፋሎት ማስረዳት

ይህን ምሳሌ ተዉት። አንዱ ውሃ መልኩን ቀይሮ በረዶ ይሆናል፤ አብ ግን ተለውጦ ወልድ አልሆነም። ይህ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን የተቃወመችው የሰባልዮስ ትምህርት ነው። ማቴዎስ 3፥16-17ን ማንበብ ይበልጣል። ወልድ ከውሃው ይወጣል፣ መንፈስ እንደ ርግብ ይወርዳል፣ አብ ከሰማይ ይናገራል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ አሉ። «ሦስት አማልክት አይደሉም፣ አንዱም ሌላውን አይደለም» ብላችሁ እዚያው ብታቆሙ ይበቃል።

በደንብና በመዋጮ መጀመር

የአባልነት ግዴታ የመጨረሻው ትምህርት ይሁን። ጸጋን ሳይሰማ ስለ አሥራት የሰማ ሰው የመግቢያ ክፍያ ይመስለዋል።

በሕፃንነቱ የተጠመቀውን ማሳፈር

እናቱ በእምነት ያደረገችውን አታንቋሽሹበት። የምታምኑትን ከቃሉ አሳዩት፤ ለማሰብም ጊዜ ስጡት።

ውሃው ዘንድ የሚሆነውን አለመንገር

ለእኛ ግልጽ ስለሆነ እንረሳዋለን። ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚይዛቸው፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚቆዩ ንገሯቸው። ቅያሪ ልብስ ይያዙ። አንድ ወንድም ከጥምቀቱ ቀን ሁለት ጊዜ ቀርቷል። እምነቱን ተጠራጥረን ነበር። በኋላ ስንጠይቀው በልጅነቱ ውሃ ሊወስደው እንደነበር ነገረን። አንድ ቀን ወስደን ባዶውን ገንዳ አሳየነው፣ ደረጃውን ወርዶ ወጣ፣ እንዴት ጎንበስ እንደሚል ተለማመደ። በሳምንቱ ተጠመቀ።