በምረቃ ንግግር ላይ ስለ ኤአይ ሲወራ የሚሠሩ ስህተቶች

የምረቃ ሰሞን ሲደርስ ረቂቅ ንግግር ይጎርፍልኛል። «እስቲ አንድ ጊዜ እየው» ይሉኛል። ርዕሱ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ በኤአይ ዘመን ዋጋ የማያጣው የሰው ችሎታ የቱ ነው? ስህተቶቹም አንድ ዓይነት ናቸው።

«ማሽን መቼም አይችለውም» ማለት

ይሄኛው አንጀቴን ያሳርረኛል። ተናጋሪው ይነሣና ይደረድራል፦ ፈጠራ፣ ርኅራኄ፣ ቀልድ፣ ግጥም። ማሽን መቼም አይችላቸውም ይላል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ተመራቂ ግን ትናንት ማታ ስልኩ ላይ ግጥም አስጽፎ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ነበር። ንግግሩ እዚያው አለቀ።

«መቼም» የሚባል ቃል በዚህ ጉዳይ ዕድሜ የለውም። ቼዝን ያየ ያውቀዋል፤ የዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ በተባለ ኮምፒውተር ተሸነፈ። ቀጥሎ «ጎ» የተባለው ጨዋታ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል ተባለ፤ በ2016 አልፋጎ የተባለ ፕሮግራም ታላቁን የጎ ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ረታው።

በተቃራኒው የሚተነብዩትም አይቀናቸውም። በዚያው በ2016 ከዘርፉ አባቶች አንዱ የሆነው ጄፍሪ ሂንተን የራጅ ሐኪሞችን ማሠልጠን አሁኑኑ መቆም አለበት፣ በአምስት ዓመት ማሽኑ ይበልጣቸዋል ብሎ ነበር። አምስቱ ዓመት አለፈ፤ የራጅ ሐኪሞች ዛሬም ይፈለጋሉ። ምስል ማንበብ ከሥራቸው አንዱ ክፍል እንጂ ሁሉም አልነበረም።

እኔም ተሳስቻለሁ። ለአንድ ተናጋሪ «ሰውና ማሽን አንድ ላይ ሲሆኑ ማሽንን ብቻውን ሁሌም ያሸንፋሉ» ብዬ ጻፍኩለት። ማስረጃዬ በ2005 የተደረገ የቼዝ ውድድር ነበር፤ ሁለት አማተሮች በሦስት ኮምፒውተር ታግዘው ታላላቆቹን አሸንፈውበታል። እውነት ነው፣ ግን ያረጀ እውነት። ዛሬ ጠንካራው የቼዝ ፕሮግራም ብቻውን ሲጫወት ሰው ጣልቃ ቢገባ የሚጠቅመው ነገር እምብዛም ነው። ከንግግሩ በኋላ ቼዝ የሚጫወት ተማሪ መጥቶ ይህንኑ በትሕትና አስረዳኝ። መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

እና ምን ይባል? «ማሽን የማይችለው» የሚለውን ተዉትና «ማሽኑ ቢችለውም ሰው የሚጠየቅበት» የሚለውን ፈልጉ። ይህ ቶሎ አያረጅም።

ችሎታውን ጠርቶ አለማሳየት

«ሂሳዊ አስተሳሰብ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ማንንም አያነቃም። ምን እንደሚመስል አሳዩ። እኔ የምወደው ምሳሌ የኒው ዮርኮቹ ጠበቆች ጉዳይ ነው።

ደንበኛቸው አቪያንካ የተባለውን አየር መንገድ ከስሶ ነበር። በ2023 አንደኛው ጠበቃ ለፍርድ ቤት የሚገባውን ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ቀደምት ፍርዶችን ከቻትጂፒቲ ወሰደ። የመዝገብ ስም አላቸው፣ ጥቅስ አላቸው፣ ዳኛ አላቸው። ችግሩ፣ ስድስቱ ጭራሽ የሌሉ ናቸው። ጠበቃው ተጠራጥሮ ነበር፤ ግን የጠየቀው ያንኑ ቻትጂፒቲን ነው። «እውነተኛ ናቸው» አለው፣ አመነ። የተቃራኒ ወገን ጠበቆች መዝገቦቹን ፈልገው አጡ። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው።

አሁን ይህን ታሪክ ተመራቂው ፊት ቀስ ብላችሁ ፍቱት። ጠበቃው መጠርጠሩን አልረሳም፤ የጎደለው ሌላ ምንጭ ጋ መሄድ ነው። ምስክሩን ስለ ራሱ ምስክርነት ጠየቀው። ለዳኛው ደግሞ ማን እንደጻፈው ሳይሆን ማን እንደፈረመበት ነው ትልቁ ነገር። ጽሑፉን ፈርሞ ያስገባው ባልደረባው ሳያጣራ ስለፈረመ አብሮ ተቀጣ። ማጣራትና በስም መቆም ማለት ይሄ ነው። ተመራቂው ነገ ሪፖርት ሲያስገባ ትዝ ይለዋል።

«አትፍሩ» ማለት

ጀማሪ የሚቀጠርበት ሥራ፣ ማለትም ረቂቅ መጻፍ፣ መረጃ ማሰባሰብ፣ ቀላል ኮድ መሥራት፣ ማሽኑ በቀላሉ የሚነካው እሱን ነው። ሥራ ፍለጋ የወጣ ልጅ ይህን ከእናንተ በላይ ያውቃል። ስለዚህ ፍርሃቱን እመኑለት፤ ከዚያ ከባዱን ጥያቄ አብራችሁት ጠይቁ፦ ስህተት ማግኘት የሚለመደው ራስ ሠርቶ በመሳሳት ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ሁሌ ማሽን ከጻፈው ጀማሪው ዓይኑን በምን ያሠለጥናል? መልስ ከሌላችሁ የለኝም በሉ።

ንግግሩን በኤአይ አስጽፎ ማንበብ

ስለዚህኛው ምን ልበል? ይታወቅባችኋል።

ማርዘም

ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ሰዓት ያዙ። ባለፈው አንዱ ረቂቁን ሲያነብልኝ አምስተኛው ገጽ ላይ ራሱ አዛጋ። እዚያው ጋ ቆረጥነው።