ዩቲዩብ በራሱ እየቀጠለ እንዳያስቀራችሁ

አንድ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ከፍታችሁ ሳይታወቃችሁ አራተኛው ላይ ከደረሳችሁ፣ ራሳችሁን አትውቀሱ። ድሮ ቪዲዮው ሲያልቅ «ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?» የምንልባት ትንሽ ፋታ ነበረች። ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚከፍተው ኦቶፕሌይ እሷን ፋታ ነው የሚወስድብን። ለመቀጠል ምንም ማድረግ አያስፈልግም፤ ለማቆም ግን ጣታችሁን ማንሳት ይጠይቃል። ማለቂያ የሌለው ስክሮልም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። በ2006 እ.ኤ.አ. የነደፈው አዛ ራስኪን ራሱ በኋላ መጸጸቱን ተናግሯል።

ኦቶፕሌይን ማጥፋቱ ቀላል ነው። ስልክ ላይ ቪዲዮው እየተጫወተ ስክሪኑን አንዴ ነካ አድርጉ። ከላይ በኩል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ትመጣለች፤ ሁለት ቋሚ መስመር ካሳየች ጠፍቷል ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ የምትገኘው ከቪዲዮው ግርጌ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች የሚያዩበት ቴሌቪዥን ካለ እሱንም ለብቻው እዩት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ለስክሮሉ እንዲህ ያለ ማጥፊያ የለም፤ ግን መላ አለው። Settings ውስጥ ገብታችሁ Watch history አጥፉ፤ ከዚህ በፊት ያያችሁትንም ዝርዝር ሰርዙ። ያኔ የመጀመሪያው ገጽ ቪዲዮ መደርደሩን ያቆማል። ሰብስክራይብ ያደረጋችኋቸው ቻናሎች በ Subscriptions በኩል እንዳሉ ናቸው፤ መፈለጊያውም ይሠራል። ጉዳቱ፣ ትናንት ያያችሁትን ቪዲዮ ከዝርዝሩ መልሳችሁ ማግኘት አትችሉም። የምትፈልጉትን ቀድማችሁ Watch later ውስጥ አስቀምጡ።