«እየገባኝ ነው» በእንግሊዝኛ ሲባል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ደጋግሜ የማርመው ስሕተት፣ «እየገባኝ ነው» የሚለው ቃል በቃል ተመልሶ «አይ አም አንደርስታንዲንግ» ሲባል ነው። በአማርኛ እንዲህ ስንል መረዳቱ በመምጣት ላይ መሆኑን እንገልጻለን፤ በእንግሊዝኛ ግን መረዳት፣ ማወቅና ማመን ከድርጊት ይልቅ ሁኔታ ተደርገው ስለሚቆጠሩ፣ በዚህች ደቂቃ ለገባን ነገር እንኳ «አይ አንደርስታንድ» እንላለን። ሂደቱን መግለጽ ካስፈለገ «አይ አም ቢጊኒንግ ቱ አንደርስታንድ» ይባላል፤ «ኢንግ»ን የሚወስደው መጀመሩ እንጂ መረዳቱ አይደለም።

ሁለት ጠባይ ያላቸው ግሦችም አሉ። ገበያ ላይ አንዲት ገዥ ቅቤውን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ «ሺ ኢዝ ስሜሊንግ ዘ በተር» ይባላል፤ ማሽተቱ የእርሷ ድርጊት ነውና። የቅቤው መዓዛ ሲነገር ግን «ዘ በተር ስሜልስ ጉድ» ነው፤ ቅቤው በራሱ የሚያደርገው ነገር የለም። ሲያጠራጥር ትእዛዝ ይሞክሩ፦ ገዥዋን «አሽትቺው» ማለት ይቻላል፣ ቅቤውን ግን ምንም ብሎ ማዘዝ አይቻልም። መውደድም ሁኔታ ቢሆን፣ በወዳጆች ጨዋታ «አይ አም ላቪንግ ኢት» መሰማቱ አይቀርም፤ በፈተና ወረቀት ላይ ግን አልመክረውም።