ከኬኩ አንድ እንቁላል ሲጎድል

የኬክ አሠራሩ አራት እንቁላል ካለ አብዛኛው ሰው አራት ቆጥሮ ይሰብራል። ከባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ለገዛ ሰው ግን ቆጠራው አይሠራም። አሠራሩ የሚያስበው ትልቁን የፈረንጅ እንቁላል ነው፤ ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል። የሐበሻው ብዙ ጊዜ ከ35 ግራም ብዙም አያልፍም። አራቱ 140 ግራም ቢሆኑ ነው። ሳናውቀው ከአንድ እንቁላል በላይ ጎደለ ማለት ነው።

ስለዚህ መዝኑ። ለ200 ግራም ዱቄት፣ ለ200 ስኳርና ለ200 የገበታ ቅቤ 200 ግራም እንቁላል ይገባል። በሐበሻ እንቁላል ስድስት ያህል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ዱቄቱ ላይ ጨምሩና ንፉት።

ቅቤውንና ስኳሩን ነጣ እስኪል ምቱ። ቀጥሎ ያለው ነው አስቸጋሪው። እንቁላሉ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ቅቤና ውኃ ደግሞ አይስማሙም። የሚያስታርቃቸው አስኳሉ ውስጥ ያለው ሌሲቲን ነው፤ እሱም ጊዜ ይፈልጋል። እንቁላሉን አንድ ባንድ ጨምሩ፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይዋሐድ ሌላውን አትስበሩ። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ቀድማችሁ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አቆዩት፤ ቀዝቃዛው ቅቤውን ያረጋዋል። ውሁዱ እንደ አይብ ከተቋጠረ አንድ ማንኪያ ዱቄት ጨምራችሁ ምቱት፣ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ የእጅ ማደባለቂያ ማሽን ይበቃል፤ ብሌንደር ግን አይሆንም።

ዱቄቱን በቀስታ አዋሕዳችሁ በ175 ዲግሪ ጋግሩት።

ምድጃው ውስጥ ቅቤው የያዘው አየርና የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ ሲሞቁ ሊጡን ይነፉታል። እንቁላሉ ደግሞ ሲበስል ይጠነክርና ያንን ቅርጽ ይይዘዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ጋዙ ቶሎ ይለጠጣል፣ ኬኩም ቶሎ ይነሣል። እንቁላል ከጎደለው የተነሣውን የሚይዝለት የለም፤ መሐሉ ይሰምጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ቢላ ሲያርፍበት ይፈረፈራል፤ በማግሥቱ ደግሞ ይደርቃል።

ኬኩ አልነሣ ይላል ብሎ ቤኪንግ ፓውደር መጨመር የተለመደ ነው። እዚህ ግን ነገሩን ያባብሰዋል፤ ይበልጥ ይነፋል፣ ይበልጥ ይሰምጣል። በጎደለው እንቁላል ፈንታ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ወተት ብታደርጉ ርጥበቱን ይመልሳል፣ መፈርፈሩን ግን አያስቀረውም። የተፈጨ ሙዝ ከወተት ይሻላል። ግማሽ ሙዝ የአንዱን ቦታ ይይዛል፤ ሆኖም ኬኩ ከበድ ይላል፣ ጣዕሙም ሙዝ ሙዝ ይላል። ሁለት ከጎደለ ግን ቢቀር ይሻላል፤ ዱቄቱን፣ ስኳሩንና ቅቤውን በዚያው ልክ ቀንሳችሁ ትንሽ ኬክ ጋግሩ።