ፊደል ከመቆጠሩ በፊት፦ ልጆችን በጭብጨባና በግጥም ስናጫውት የምንሳሳታቸው ነገሮች

የማስተምረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ገና ፊደል ያልቆጠሩ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችን ነው። ማንበብ ከመጀመራቸው በፊት ጆሯቸው ቃልን ቆራርጦ መስማት እንዲለምድ እናጨበጭባለን፣ ቤት የሚመቱ ቃላት እንፈልጋለን፣ ፈጥነው ሲሉት ምላስ የሚያጠላልፍ አባባል እንላለን። ብዙ ወላጆችም ቤታቸው ይህንኑ ያደርጋሉ። ችግሩ አዋቂ ሰው ማንበብ ስለሚችል ሳይታወቀው ጨዋታውን ከጆሮ ወደ ጽሑፍ መውሰዱ ነው። ከማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

በፊደል ቁጥር ማጨብጨብ

በጣም የተለመደው ይህ ነው። «ድመት» የሚለውን ቃል በጭብጨባ ይከፋፍሉ ቢባል ብዙ ሰው ሦስቴ ያጨበጭባል፦ ድ፣ መ፣ ት። በዓይነ ሕሊናው ሦስት ፊደል ስለሚታየው ነው። ጆሮ የሚሰማው ግን ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው፦ ድ–መት። መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ብቻዋን አትወጣም፤ ከ«መ» ጋር ተጣብቃ በአንድ ትንፋሽ ትነገራለች። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ እንደ «ድመት» «ድ» የራሱን ጭብጨባ ይይዛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከፊቱ ባለው ላይ ይለጠፋል። ጽሑፉ ሁለቱን ለይቶ አያሳይም፤ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ግን በጆሮው ይለያቸዋል። እኛ ነን የምናሳስተው።

ካዛንቺስን እንውሰድ። በጽሑፍ አምስት ፊደል ነው። አምስቴ ያጨበጨበ ልጅ «ን» እና «ስ» ላይ ሲደርስ ለየብቻቸው ማውጣት ስለማይችል «እ» የምትመስል ድምፅ ይጨምርባቸዋል፤ ቃሉ ተበላሽቶ ሌላ ነገር ይሆናል። አሁን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ወያላውን ያዳምጡ። ሲያስረዝመው «ካ–ዛን–ቺስ!» ነው የሚለው። ሦስት ቁራጭ፣ ሦስት ጭብጨባ።

እኔም የምጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነው። መጀመሪያ ቃሉን እንደ ወትሮው እንላለን። ቀጥሎ ሩቅ ያለ ሰው እንደምንጠራ ሳብ አድርገን እንጮኸዋለን። ማጨብጨቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳብ ሲደረግ ቃሉ ራሱ በትክክለኛው ቦታ ይሰበራል። ተቆራርጦ የወጣው ነገር በፍጥነት ሲገጣጠም የምናውቀውን ቃል ካልሰጠን ጭብጨባው ተሳስቷል ማለት ነው።

ሲጀምሩ ፊደሉና ጭብጨባው እኩል የሆኑትን ይያዙ፦ ዳቦ፣ መኪና። ከዚያ ወደ እንጀራ (እን–ጀ–ራ)፣ መርካቶ (መር–ካ–ቶ)፣ ሜክሲኮ (ሜክ–ሲ–ኮ) ይሂዱ። ሽንኩርት አምስት ፊደል ሆኖ ሁለት ጭብጨባ ብቻ ነው፣ ሽን–ኩርት። «ልጅ» ደግሞ አንድ። አንድ ጭብጨባ ያለው ቃል ልጆችን ግራ ስለሚያጋባ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል።

ግሥ በግሥ ቤት ማስመታት

«በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ» ቤት ይመታል፤ ግን ልጁ ምንም ማዳመጥ ሳያስፈልገው ነው የሚመታው። ስለ ራሱ ሲናገር ግሡ ብዙ ጊዜ በ«ሁ» እንደሚያልቅ አፉ ከፈታ ጀምሮ ያውቃል። «ልጆች፣ ቤቶች፣ ድመቶች»ም እንደዚያው ነው። ጆሮ የሚሠራው መጨረሻቸው በአጋጣሚ የገጠመ ቃላት ሲቀርቡለት ነው፦ ማታ እና ገበታ፣ ፒያሳ እና ጣሳ፣ ማር፣ ሣር እና ዳር። ግጥሙን ይጀምሩና መጨረሻውን ለልጁ ይተዉለት፦

ድመቷ ማታ ማታ
ትወጣለች ከ...

«ገበታ» ካለ ሰምቷል። «አልጋ» ካለ ትርጉሙን ነው የተከተለው። ትንንሽ ልጆች ላይ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል፤ «ዳቦ የሚመስል ቃል አምጣ» ስትሉት «ሻይ» ይላል፣ አብረው ስለሚቀርቡ። እንዲህ ሲሆን ትርጉም የሌለው ቃል ያግዛል። «ዳቦ፣ ጋቦ፣ ላቦ... አንተ ደግሞ?» ልጁ «ሻቦ» ቢል ትክክል ነው። «እንደዚህ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ማረም ራሱን የቻለ ስህተት ነው፤ የተጠየቀው ድምፅ ነበር፣ እሱንም በትክክል ሰጥቷል።

ሀ ሁ ሂን በዜማ ማለትን ድምፅ እንደመለየት መቁጠር

ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳት በዜማ የሚወርድ ልጅ «በሙ የሚጀምር ነገር ንገረኝ» ሲባል ዝም ሊል ይችላል። ዜማውን ይዟል እንጂ «ሙ»ን ከ«ሙዝ» ውስጥ ነጥሎ አላወጣትም። በዚህ ዕድሜ «መኪና፣ መንገድ፣ መርካቶ» በአንድ ድምፅ እንደሚጀምሩ መስማት ይበቃል። «ማር» እና «ሙዝ» የሚጋሩትን «ም» መለየት ከዚህ የረቀቀ ስለሆነ ለኋላ ይቆይ።

የሚጠብቀውን ማላላት

ቀስ ብለን ስናጨበጭብ የሚጠብቀው ድምፅ ይጠፋብናል። በዓሉ ገና ይጠብቃል፤ «ገና አልመጣም» ስንል ያለው ገና ይላላል። ሁለቱም ሁለት ሁለት ጭብጨባ ናቸው፤ የበዓሉ ግን ገን–ና ነው፣ ሌላው ገ–ና። መምህር ወይም ወላጅ የበዓሉንም «ገ–ና» ብሎ ሲያጨበጭብ ልጁ በጆሮው የያዘውን ልዩነት እየደመሰሰበት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ልጁ ነገ ሲያነብ የሚተማመነው በዚያ ጆሮ ላይ ብቻ ነው።

ለዚህ ከጭብጨባ ይልቅ እጅን መጨበጥና መዘርጋት ይሻላል። «ሰፊ ሜዳ» ስል ልጆቹ እጃቸውን ይጨብጣሉ፣ «ልብስ ሰፊ» ስል ይዘረጋሉ። «አባዬ ቤት አለ» ሲባል ጭብጥ፣ «አባዬ እንዲህ አለ» ሲባል ዝርግ። «ገና ገና ነው»ን ሳመጣ ጭብጥ ዝርግ ያደርጉና ይስቃሉ። ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ መስጠት ግድ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ልጁ የትኛውን እንዳልን በምን ያውቃል?

ምላስ የሚያጠላልፈውን በፍጥነት መጀመር

ፍጥነቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። በጥድፊያ ከተጀመረ ልጁ ድምፆቹን አድበስብሶ ያልፋል፣ ቤተሰብ ይስቃል፣ ጆሮው ግን የያዘው ነገር የለም። ሌላው ስህተት አንዱን ቀላል ድምፅ ብቻ የሚደጋግም አባባል መምረጥ ነው። የሚጠቅመው ተቀራራቢ ድምፆችን ጎን ለጎን የሚያቆም ነው፤ «ከ» እና «ቀ»ን፣ «ተ» እና «ጠ»ን፣ «ቸ» እና «ጨ»ን። ለክፍሌ ያዘጋጀሁት ይህን ነው፦

ቀጤማ ከከተማ፣ ከተማ በቀጤማ።

መጀመሪያ «ከተማ» እና «ቀጤማን» ለየብቻ፣ እጅን አፍ ፊት አድርገን እንላለን። «ከ» ስንል ትንፋሹ መዳፍ ላይ ይሰማል፤ «ቀ» ላይ ድምፁ ጉሮሮ ዘንድ ታፍኖ ይፈነዳል እንጂ እንደዚያ አይተነፍስም። ልጆቹ ይህን በመዳፋቸው ካወቁ በኋላ ነው አባባሉን በዝግታ፣ ከዚያ ፈጠን እያልን የምንለው።

«ቀጤማ» ማለት አቅቶት «ከቴማ» የሚል የአራት ዓመት ልጅ ካለ ደጋግሞ ማስባል አያስፈልግም። አፉ አልታዘዘለትም ማለት ጆሮው አልሰማም ማለት አይደለም። ለማወቅ ሆን ብለው እርስዎ ይሳሳቱ፦ «ማሙሽ፣ ለበዓሉ ከቴማ ልግዛ?» ከሳቀ ወይም «እንደዛ አይደለም!» ካለ ልዩነቱን ሰምቷል፤ ምላሱ ጊዜ ይፈልጋል። እንዲህ ያሉ ልዩነቶች ደጋግመው የሚያልፉት፣ በተለይ ጆሮውን ቶሎ ቶሎ የሚያመው ወይም ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ከሆነ ግን ጨዋታው ይቆየውና ጆሮውን ሐኪም ይየው።